የኳድራቲክ እኩልታ ስሌት የትኛው መስመር ላይ ተበላሸ? የተሳሳተውን እርምጃ ማግኘትና ምክንያቱን ማስረዳት

የ9ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሩ ላይ አንድ ኳድራቲክ እኩልታ በስምንት መስመር ሠርቶ መጨረሻ ላይ የተሳሳተ መልስ አግኝቷል እንበል። አብዛኞቻችን የምናደርገው የታወቀ ነው። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ እናደርጋለን፣ ከጎኑ ትክክለኛውን ስሌት ከላይ እስከ ታች እንጽፍለታለን። ተማሪው ያንን ይገለብጣል። ከስምንቱ መስመሮች ስድስቱ ምንም ችግር እንዳልነበረባቸው ግን አያውቅም፤ ያበላሸውም የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ስህተት ደግሞ ይሠራዋል።

ይህ መመሪያ ለሚያርም መምህር፣ ታናሹን ለሚያስጠና ወንድም ወይም እህት፣ የራሱን ሥራ ለሚመረምር ተማሪም ይሆናል። ሐሳቡ አንድ ነው። እያንዳንዱ መስመር ስለ x የሚናገረው ነገር አለ፤ ስሌቱ ትክክል ከሆነ የላይኛውን መስመር እውነት የሚያደርጉት ቁጥሮች የታችኛውንም እውነት ያደርጋሉ፣ የታችኛውን እውነት የሚያደርጉትም የላይኛውን። ይህ መጀመሪያ የሚፈርስበትን ቦታ መፈለግ ነው ሥራው።

ከዚህ በታች ያለውን ገጽ ይዘን እንሂድ። ሁለት ስህተት አለበት፤ ሁለቱም ክፍል ውስጥ በተደጋጋሚ የሚታዩ ናቸው።

```
1)  (x − 4)² = 2x + 7
2)  x² − 8x + 16 = 2x + 7
3)  x² − 8x − 2x + 16 + 7 = 0
4)  x² − 10x + 23 = 0
5)  x = (10 ± √(100 − 92)) / 2
6)  x = (10 ± √8) / 2
7)  x = 5 ± √4
8)  x = 7 ወይም x = 3
```

መጀመሪያ ገጹን እንደተጻፈ ማንበብ

ከስሌቱ በፊት ጥያቄውን ከመጽሐፉ ወይም ከፈተናው ወረቀት ላይ አንብቡ እንጂ ከተማሪው መስመር 1 ላይ አትነሱ። ብዙ ጊዜ ስህተቱ ገና ሲገለበጥ የተፈጠረ ነው። በችኮላ የተጻፈ 1 ሰባት ይመስላል፣ ያልተዘጋ 6 ደግሞ ዜሮ፤ የመቀነስ ምልክት በደብተሩ መስመር ላይ ካረፈ ጨርሶ አይታይም። የማባዛት ምልክትን እንደ × የሚጽፍ ተማሪ ደግሞ ከ x ጋር ራሱ ይደባልቀዋል።

ቀጥሎ መስመሮቹን በእርሳስ ቁጥር ስጧቸው። የእጅ ጽሑፍ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች አይሄድም። ቦታ ሲያልቅ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ በቀስት ይዞራል፣ አንዳንዱ ጀርባው ላይ ይሠራና ውጤቱን ብቻ ይዞ ይመለሳል። ሁለት እርምጃ በአንድ መስመር ከተጨመቀ ለሁለት ከፍላችሁ ቁጥር ስጡት። የተሰረዘ ነገር ካለም አንብቡት፤ ተማሪው ትክክለኛውን ጽፎ ሰርዞት ሊሆን ይችላል፣ ይህም ስለ አስተሳሰቡ ብዙ ይናገራል።

ትክክለኛዎቹን መልሶች ለራስ መያዝ

ጥያቄውን የተማሪውን ሥራ ሳታዩ ሥሩት። የእኛው ጥያቄ ሲዘረጋ `x² − 8x + 16 = 2x + 7` ይሆናል፤ ሁሉንም ወደ ግራ ስናመጣ `x² − 10x + 9 = 0`፣ ፋክተር ሲደረግ `(x − 1)(x − 9) = 0`። መልሶቹ 1 እና 9 ናቸው። መስመር 1 ላይ መልሰን እንሞክራቸው። x 1 ሲሆን ግራው (−3)² = 9፣ ቀኙ 2 + 7 = 9። x 9 ሲሆን ግራው 5² = 25፣ ቀኙ 18 + 7 = 25። ልክ ነው።

ሁለቱንም መልሶች መያዝ ያስፈልጋል። በአንዱ ብቻ የሚፈትሽ ሰው የሚያመልጠው የስህተት ዓይነት አለ፣ ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

ትክክለኛውን መልስ ይዞ ወደ ታች መውረድ

አሁን 1ን እና 9ን በየመስመሩ እንተካለን። ሁሉንም በተራ ማየት አያስፈልግም፤ ከመሃል ጀምሩ። መስመር 4 ላይ x በ1 ሲተካ 1 − 10 + 23 = 14 ይመጣል። ዜሮ መሆን ነበረበት። ስለዚህ ስህተቱ ከመስመር 4 በላይ ተፈጥሯል፣ የታችኛውን ለጊዜው መተው እንችላለን። ወደ መስመር 2 እንውጣ። ግራው 1 − 8 + 16 = 9፣ ቀኙ 2 + 7 = 9፤ ደህና ነው። የቀረው መስመር 3 ነው፦ 1 − 8 − 2 + 16 + 7 = 14። ተበላሽቷል።

እንግዲህ መስመር 2 እውነት ነው፣ መስመር 3 ሐሰት ነው። ስህተቱ የተፈጠረው ከ2 ወደ 3 ሲኬድ ነው። በሦስት ሙከራ ተገኘ፤ መስመሮቹ አሥራ ስድስት ቢሆኑ ኖሮም አንድ ሙከራ ብቻ ነበር የሚጨምረው። ምልክታችሁን በሁለቱ መስመሮች መካከል አድርጉ እንጂ መስመር 3 ላይ ኤክስ አታድርጉ። የተሳሳተው ከአንዱ ወደ ሌላው የተሄደበት መንገድ ነው፣ ተማሪው ዓይኑን እዚያ ላይ እንዲያሳርፍ ይረዳዋል።

ልዩነቱ ራሱ የሚናገረው

ብዙ ሰው «ዜሮ አልሆነም» ብሎ እዚህ ያቆማል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው ክፍል ይኼ ነው፤ ስንት እንደመጣ መመልከት። በ1 ስንተካ 14 መጣ። በ9 እንተካ፦ 81 − 72 − 18 + 16 + 7 = 14። እንደገና 14።

x ከ1 ወደ 9 ተቀይሮ ልዩነቱ ካልተቀየረ፣ የተበላሸው ነገር x የሌለበት ነው ማለት ነው። ከ16 ወይም ከ7 አንዱ ነው። 14 ደግሞ የ7 እጥፍ ነው። አንድ ቁጥር ምልክቱ ሲገለበጥ የሚፈጥረው ልዩነት ምንጊዜም የራሱ እጥፍ ነው፤ −7 መሆን የነበረበት +7 ሲሆን መስመሩ በ14 ይዛነፋል። ገጹን ሳናይ እንኳ «7 ምልክቱን ስቷል» ማለት እንችል ነበር።

ተማሪው 7ን በትክክል አሻግሮ 2xን ቢሳሳት ኖሮስ? መስመሩ `x² − 8x + 2x + 16 − 7 = 0` ይሆን ነበር። በ1 ሲተካ 4 ይመጣል፣ በ9 ሲተካ 36። ሁለተኛው የመጀመሪያው 9 እጥፍ ነው፤ ከ1 ወደ 9 ስንሄድ xም የጨመረው በ9 እጥፍ ስለሆነ ስህተቱ x ያለበት ቦታ ላይ ነው። ልዩነቱ በ81 እጥፍ ቢያድግ ደግሞ x² ላይ ነው። አንድ መስመር ላይ ሁለት ስህተት ከተደራረበ ይህ ንባብ ይደበላለቃል፣ መስመሩ ሙሉ በሙሉ በአንድ ቁጥር ተባዝቶ ወይም ተካፍሎ ከሆነም ልዩነቱ አብሮ ይባዛል ወይም ይካፈላል። በተለመደው የቤት ሥራ ግን በጣም ያገለግላል።

ለምን እንደማይሠራ ማስረዳት

ቦታው ተገኘ። አሁን «7 ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል፣ ረሳኸው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ችግሩ ይህ ማስረጃ ሳይሆን ሌላ ትእዛዝ መሆኑ ነው፤ ተማሪው ትእዛዙን ያውቀዋል፣ 2x ላይ በትክክል ተጠቅሞበታል። ማሻገር የሚባል የሒሳብ ሥራ የለም። ያለው ከሁለቱም ጎን እኩል መቀነስ ወይም በሁለቱም ላይ እኩል መጨመር ነው፤ ማሻገር የዚያ አጭር አጠራር ነው። ስለዚህ የተዘለለውን መስመር ማውጣት ያስፈልጋል። ንግግሩ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

«ከመስመር 2 ወደ 3 ስትሄድ ምን አደረግክ?»

«አሻገርኩ ቲቸር።»

«ቀኝ በኩል የነበረው 2x እንዲጠፋ ከሁለቱም ጎን ምን ቀነስክ?»

«2x።»

«7ስ እንዲጠፋ?»

«7 መቀነስ ነበረብኝ።»

«አንተ ግን ግራ በኩል 7 ጨምረሃል። ይሁን፣ መጨመር ይቻላል። ቀኝ በኩልም 7 ጨምርና ስንት እንደሚመጣ ንገረኝ።»

ቀኙ `2x + 7 − 2x + 7` ይሆናል፤ ውጤቱ 14። ማለትም ተማሪው በሁለቱም ጎን 7 ቢጨምር ኖሮ መስመር 3 `= 0` ሳይሆን `= 14` መሆን ነበረበት። ቅድም ስንተካ የመጣው 14 ይኼ ነው። ግራው ጎን በራሱ የሚያስኮንነው ነገር የለም፤ ውሸቱ ያለው ከቀኙ ዜሮ ጋር እኩል ነው መባሉ ላይ ነው። ተማሪው ይህን በዓይኑ ሲያይ ምልክት መቀየር ከየት እንደመጣ ይገባዋል።

ጥሩ ማስረጃ ሦስት ነገር ይይዛል። ተማሪው በትክክል ያደረገው ምን እንደሆነ (ግራ ላይ 7 ጨመረ)፣ ያ ነገር እውነት እንዲሆን ሌላ ምን መሆን እንደነበረበት (ቀኙ 14)፣ እና የፈለገው ውጤት በየት በኩል እንደሚገኝ (7 መቀነስ)። መካከለኛው ከተዘለለ ማስረጃው ተመልሶ ትእዛዝ ይሆናል።

ከመጀመሪያው ስህተት በኋላ ያለውን መፈተሽ

እዚህ ላይ አራሚዎችም ይሳሳታሉ። መስመር 3 ከተበላሸ በኋላ 1ን እና 9ን ይዞ መስመር 4ን፣ 5ን፣ 6ን መፈተሽ ትርጉም የለውም፤ ሁሉም ይወድቃሉ፣ ጥፋቱ ግን የነሱ አይደለም። አዲስ መነሻ ያስፈልጋል። መስመር 4ን እንደ አዲስ ጥያቄ ውሰዱትና የራሱን መልስ ፈልጉ። `x² − 10x + 23 = 0` መልሶቹ `5 + √2` እና `5 − √2` ናቸው፣ በግምት 6.41 እና 3.59። መስመር 5 እና 6 በካልኩሌተር ሲሠሩ እነዚሁ ይመጣሉ፤ ደህና ናቸው። መስመር 7 ግን 7 እና 3 ይሰጣል። ሁለተኛው ስህተት ከ6 ወደ 7 ሲኬድ ተፈጥሯል።

ካልኩሌተር ከሌለ ሌላ መንገድ አለ። `ax² + bx + c = 0` ሁለት መልስ ሲኖረው ድምራቸው `−b/a`፣ ብዜታቸው `c/a` ነው። ለመስመር 4 ድምሩ 10፣ ብዜቱ 23 መሆን አለበት። የተማሪው 7 እና 3 ድምራቸው 10 ነው፣ ብዜታቸው ግን 21። ድምሩ ልክ ሆኖ ብዜቱ ከተሳሳተ ስህተቱን የት እንደምንፈልገው እናውቃለን። ፎርሙላው ውስጥ የስኩዌር ሩቱ ክፍል አንዴ ይደመራል፣ አንዴ ይቀነሳል፤ ሁለቱ መልሶች ሲደመሩ እርስ በርሱ ይጣፋል። ስለዚህ ሩቱ የቱንም ያህል ቢበላሽ ድምሩ አይነካም። ድምሩ ልክ ነው ማለት `−b` እና `2a` በትክክል ገብተዋል ማለት ነው፤ የቀረው ተጠርጣሪ ሩቱ ነው።

ተማሪው ያደረገው 8ን ለ2 አካፍሎ √4 ማለት ነው። የ10 እና የ2 ክፍያው ልክ ነው፣ 5 ይመጣል። √8 ላይ ግን 2ቱ ከሩቱ ውጪ ነው፣ 8ቱ ውስጥ። ይህን ለማሳየት √8 ራሱ ምቹ አይደለም፣ ተማሪው በልቡ የሚያውቀው ቁጥር ስላልሆነ። √36 ውሰዱ። √36 ስድስት ነው፣ ለሁለት ሲካፈል 3። በተማሪው መንገድ ግን 36 ለ2 ሲካፈል 18፣ ከዚያ √18፤ ይህ ደግሞ ከ4 ይበልጣል፣ ምክንያቱም 4 × 4 ገና 16 ነው። 3 ሊሆን አይችልም።

ይህ መንገዱ እንደማይሠራ ያሳያል፤ ለምን የሚለው ግን ገና ነው። 2 ወደ ሩቱ ውስጥ መግባት ከፈለገ √4 ሆኖ ነው የሚገባው፣ ምክንያቱም √4 = 2። ስለዚህ √8 ለ2 ሲካፈል √8 ለ√4 ነው፣ ይኸውም √2። ተማሪው የተጠቀመበት ሕግ ከሰማይ የወረደ እንዳልሆነም ንገሩት፤ √8 ለ√2 ቢሆን ኖሮ √4 ልክ ነበር። እውነተኛ ሕግ ነው፣ ያለ ቦታው የገባ። ተማሪዎች ሕግ ከባዶ የሚፈጥሩት እምብዛም ነው። አንድ ቦታ የሚሠራውን ሌላ ቦታ ይወስዱታል፣ እናም ያ ሕግ የሚሠራበትን ቦታ ካላሳየናቸው ትክክለኛውንም አብረው ይጥሉታል።

በነገራችን ላይ ይህ ስህተት ለተማሪው የሚያስደስት መልስ ነው የሰጠው። 7 እና 3 ንጹሕ ቁጥሮች ናቸው፣ `5 ± √2` ግን ያስጠረጥራል። አንዳንዴ ስሌቱን የሚያጣምመው መልሱ ሙሉ ቁጥር መሆን አለበት የሚል እምነት ነው። ነጥብ ሲሰጥም ከመስመር 4 እስከ 6 ያለው ሥራ የራሱ ዋጋ ሊኖረው ይገባል፤ ከተሳሳተ መነሻ በትክክል ሄዷል።

መልሱ ልክ ሆኖ ስሌቱ ሲሳሳት

ሁለቱንም መልሶች መያዝ ያስፈልጋል ያልኩት ለዚህ ነው። ይህን ተመልከቱ፦

```
x² = 5x
x = 5
```

5ን ብትተኩ ሁለቱም መስመሮች እውነት ናቸው። ጥያቄው ግን ሌላ መልስ አለው፣ 0። በ0 ስንፈትሽ የመጀመሪያው መስመር 0 = 0 ይላል፣ ሁለተኛው 0 = 5። አንድ መልስ መንገድ ላይ ጠፍቷል። ተማሪው ሁለቱንም ጎን ለ x አካፍሏል፤ ማካፈል የሚፈቀደው ደግሞ የምናካፍልበት ቁጥር ዜሮ ካልሆነ ብቻ ነው። ሳያውቀው «x ዜሮ አይደለም» ብሎ ደምድሟል፣ ዜሮ ግን ከመልሶቹ አንዱ ነበር። ሳያካፍል `x² − 5x = 0` ብሎ `x(x − 5) = 0` ቢያደርገው ሁለቱም ይተርፋሉ። `(x − 3)² = 4` ብሎ በቀጥታ `x − 3 = 2` የሚጽፍም በተመሳሳይ መንገድ አንዱን ይጥላል፤ ስኩዌሩ 4 የሚሆን ቁጥር −2ም አለ፣ ስለዚህ x 1 የሚሆንበት ቀርቷል።

ሌላው ደግሞ በዕድል የመጣ ልክ መልስ ነው፦

```
(x − 2)(x + 3) = 6
x − 2 = 6   ወይም   x + 3 = 6
x = 8       ወይም   x = 3
```

3 ትክክል ነው፣ 1 × 6 = 6። 8 ትክክል አይደለም፣ 6 × 11 = 66። ሌላው እውነተኛ መልስ −4 ነው፤ (−6) × (−1) = 6። ተማሪው «አንዱ ልክ ከሆነ መንገዱም ግማሽ ልክ ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል፣ እናም ክርክሩ መልስ ይገባዋል። 3 የተገኘው x 3 ሲሆን የመጀመሪያው ቅንፍ በአጋጣሚ 1 ስለሚሆን ነው፤ በ1 ማባዛት ምንም ስለማይቀይር ሁለተኛው ቅንፍ ብቻውን 6 ሆነ። ቅንፎችን ለይቶ ከዜሮ ጋር ማስተካከል የሚሠራው ዜሮ የተለየ ባሕርይ ስላለው ነው። የሁለት ቁጥሮች ብዜት ዜሮ ከሆነ ከሁለቱ አንዱ የግድ ዜሮ ነው። ብዜታቸው 6 ከሆነ ግን 2 እና 3፣ 12 እና ግማሽ፣ ሌላም ሌላም ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዳቸውም 6 እንዲሆኑ የሚያስገድድ ነገር የለም። ስለዚህ መጀመሪያ 6ን ወደ ግራ አምጥቶ እንደገና ፋክተር ማድረግ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ዓይነት ተቃራኒው ነው፣ መልስ የሚጨመርበት። `√(x + 6) = x` በሁለቱም ጎን ስኩዌር ሲደረግ `x² − x − 6 = 0` ይሆንና 3 እና −2 ይሰጣል። −2ን ጥያቄው ላይ ብትመልሱት √4 = −2 ይላል፣ ይህም ሐሰት ነው። እዚህ ትክክለኛውን 3 ይዞ ወደ ታች መውረድ ምንም አያሳይም፣ ሁሉም መስመር ያልፋል። የሚያጋልጠው የተማሪውን መልሶች ይዞ ወደ ላይ መውጣት ነው። እንግዲህ ፈተናው ሁለት አቅጣጫ አለው፤ እውነተኛው መልስ ወደ ታች ሲወርድ የጠፋውን ያሳያል፣ የተማሪው መልስ ወደ ላይ ሲወጣ የተጨመረውን።

ፎርሙላው ላይ እጅ የሚያበላሸው

ፎርሙላ ሲጻፍ የሚፈጠረው ችግር ከሒሳቡ ይልቅ ከብዕሩ ይመጣል። `2x² − 7x + 3 = 0` መልሶቹ 3 እና ½ ናቸው። የክፍልፋዩ መስመር አጥሮ ከሩቱ ሥር ብቻ ከተሰመረ ተማሪው በሚቀጥለው መስመር `7 ± 5/4` ያነብና 8.25 እና 5.75 ያገኛል። ድምራቸው 14 ነው፣ መሆን የነበረበት 3.5። ድምሩ ከተሳሳተ ሩቱን ትታችሁ `−b` እና `2a`ን ተመልከቱ ማለት ነው፤ 14 ሁለት ጊዜ 7 ስለሆነ 7ቱ ጨርሶ እንዳልተካፈለ ያሳያል። ድምሩ −3.5 ቢመጣ ኖሮ ደግሞ `−b` ሲጻፍ የ −7 ምልክት ሳይገለበጥ ቀርቷል።

ሌላው (−7)² ያለ ቅንፍ ሲጻፍ ነው። −49 ይሆንና ከሩቱ ሥር −73 ይመጣል፣ ተማሪውም «መልስ የለውም» ብሎ ይዘጋል። ፎርሙላውን ከመመርመራችሁ በፊት ጥያቄው ላይ 0ን እና 1ን እንዲተካ ጠይቁት። በ0 ግራው 3፣ በ1 ደግሞ −2 ይሆናል። ከዜሮ በላይ የነበረው ከዜሮ በታች ከወረደ መካከል ላይ ዜሮን አልፏል፤ መልስ አለው። ከዚያ ወዲያ ተማሪው ራሱ ተመልሶ ምልክቱን ይፈልጋል። ምክንያቱም አጭር ነው። ፎርሙላው ስኩዌር አድርግ የሚለው bን ነው፣ b ደግሞ −7 ነው፣ ምልክቱ የቁጥሩ አካል ነው፤ −7 በ−7 ሲባዛ 49።

መልሶቹ ለመተካት የማይመቹ ሲሆኑ

መልሱ በሩት የተሞላ ከሆነ ወይም ጭራሽ መልስ የሌለው እኩልታ ከሆነ ሌላ ብልሃት አለ። አንድ ጎን ብቻ ተዘርግቶ ወይም ተሰብስቦ ከሆነ፣ ከመዘርጋቱ በፊትና በኋላ ለየትኛውም x እኩል መሆን አለበት፤ መልሱን ማወቅ አያስፈልግም። 10ን ተኩ። `(x − 4)²` በ10 36 ነው፤ `x² − 8x + 16` ደግሞ 100 − 80 + 16፣ ይኸውም 36። ብዙ ተማሪ እንደሚያደርገው `x² − 16` ብሎ ዘርግቶት ቢሆን 84 ይመጣ ነበር። በ4 ብትፈትሹት ግን ሁለቱም ዜሮ ይሆኑና ስህተቱ ይደበቃል። 0 እና 1ም ብዙ ነገር ይደብቃሉ፤ 0 xን ሁሉ ያጠፋል፣ 1 ላይ ደግሞ x እና x² አይለዩም። 10 ለሒሳቡም ይቀላል፣ ሲያጠራጥር በሌላ ቁጥር ድገሙት።

ማስረጃው መግባቱን የሚያሳይ ጥያቄ

ያንኑ ጥያቄ እንደገና አታሠሩት፣ መልሱን ያስታውሰዋል። የተሰበረውን እርምጃ ብቻ የሚነካ አጭር ጥያቄ ስጡት። ለመጀመሪያው ስህተት `x² + 3 = 5x − 1` ይበቃል። ሲሻገር `x² − 5x + 4 = 0` ሆኖ 1 እና 4 ይሰጣል። አሮጌው ስህተት ካለ የ −1 ምልክት ሳይቀየር ያልፍና `x² − 5x + 2 = 0` ይመጣል፤ ከሩቱ ሥር 17 ካያችሁ ማሻገሩ ገና አልተስተካከለም። ለሁለተኛው `x² − 6x + 4 = 0` ስጡት። ትክክለኛው መልስ `3 ± √5` ነው፤ `3 ± √10` ከጻፈ √20ን አሁንም ከውጪ ባለው 2 ከሩቱ ሥር እያካፈለ ነው፣ ወደ √36 ተመለሱ።